ስህተት ሳይሠሩ የሚመጣ የተሳሳተ መልስ

የተከበራችሁ የሒሳብ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ እኩልታ ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ፦

√(x + 7) = x − 5

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ይህንኑ ፈተና ላይ አውጥቼው ነበር። አንዲት ተማሪ ጥንቅቅ አድርጋ ሠርታ መጨረሻ ላይ x = 9 እና x = 2 ብላ አስቀመጠች። እኔም 2ቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «አላረጋገጥሽም» ብዬ ጻፍኩበት። ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ የተሳሳትኩት የቱ መስመር ላይ ነው?» አለችኝ። ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አየነው። ስህተት የለም። እኔም ሲጨንቀኝ «ስኩዌር ካደረግሽ ማረጋገጥ ግዴታ ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው» ብዬ ሸኘኋት። ልጅቷ ሕጉን መቼ ጠየቀችኝ? የጠየቀችኝ ያልተሳሳተ ሰው እንዴት የተሳሳተ መልስ ላይ እንደሚደርስ ነበር። ያን ቀን ያልመለስኩላትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምመልሰው።

እስቲ እሷ የሠራችውን እንድገመው። ስኩዌር ሩቱ ብቻውን በግራ በኩል ስለቆመ ሁለቱንም ጎን ስኩዌር እናደርጋለን።

x + 7 = (x − 5)²
x + 7 = x² − 10x + 25
x² − 11x + 18 = 0
(x − 9)(x − 2) = 0

ስለዚህ x = 9 ወይም x = 2። አሁን ወደ መጀመሪያው እኩልታ እንመለስና እንተካ። በ9 ስንተካ ግራው √16፣ ማለትም 4 ይሆናል፤ ቀኙ 9 − 5፣ እሱም 4 ነው። ተስማሙ። በ2 ስንተካ ግራው √9፣ ማለትም 3 ይሆናል፤ ቀኙ 2 − 5፣ ማለትም −3። አልተስማሙም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 3 እና −3ን፣ ልብ በሉልኝ። ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ከአራቱ መስመሮች ሦስቱ ወደፊትም ወደኋላም የሚያስኬዱ ናቸው። ቅንፉን መበተን፣ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ማምጣት፣ ፋክተር ማድረግ፣ እነዚህን ከታች ወደ ላይ ብትመለሱባቸውም ምንም አይጎድልም፣ ምንም አይጨመርም። የመጀመሪያው መስመር ግን መሄጃ እንጂ መመለሻ የለውም። ሁለት ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ስኩዌራቸው እኩል ነው፤ ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው። ስኩዌራቸው እኩል ስለሆነ ግን ቁጥሮቹ እኩል ናቸው ማለት አይቻልም። 3 እና −3 የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ ስኩዌር ሲደረጉ ግን ሁለቱም 9 ናቸው። ስኩዌር ማድረግ የምልክትን ልዩነት ይውጠዋል።

በአልጀብራ ስንጽፈው ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ግራውን A፣ ቀኙን B እንበለው። A² = B² ማለት A² − B² = 0 ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ (A − B)(A + B) = 0 ነው። እንግዲህ A = B ነው፣ ወይም A = −B ነው። እኛ የተጠየቅነው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ስኩዌር ባደረግን ቅጽበት ሳናውቀው ሁለተኛውንም አብረን መፍታት ጀመርን። ያ ሁለተኛው እኩልታ ሲጻፍ ይኸው ነው፦

−√(x + 7) = x − 5

እዚህ ውስጥ 2ን ተኩ። ግራው −3፣ ቀኙ −3። ልክ ነው! ስለዚህ 2 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ ያልተጠየቅነው የመንትያው እኩልታ ትክክለኛ መልስ ነው። እኔ «ሰርጎ ገብ መልስ» እለዋለሁ፣ በሩን የከፈትንለት ግን እኛው ነን። ሥዕል ለሚወድ ተማሪ ደግሞ ግራፉን አሳዩት። y = √(x + 7) በጎኑ የተጋደመ ፓራቦላ የላይኛው ግማሽ ነው። ቀጥታው መስመር y = x − 5 የላይኛውን ግማሽ (9, 4) ላይ ይቆርጠዋል፣ የታችኛውን ግማሽ ደግሞ (2, −3) ላይ። ስኩዌር ስናደርግ ያልነበረውን የታችኛውን ግማሽ መልሰን ቀጠልንበት፣ መስመሩም እዚያም አገኘው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ነው። ሰርጎ ገብ መልስ የሚመጣው ከ A = −B ስለሆነ ሲተካ መታወቂያውን ያሳያል፤ ሁለቱ ጎኖች በምልክት ብቻ ይለያያሉ። 3 እና −3 ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ተማሪው ተክቶ በአንድ ጎን 3፣ በሌላው −3 ካገኘ መልሱ ሰርጎ ገብ ነው፣ ሥራው ግን ደህና ነው፤ 2ን ሰርዞ ይቀጥል። ተክቶ በአንድ ጎን 3፣ በሌላው 5 ካገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመደመር ወይም የመበተን ስህተት አለበት፣ ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልገው። ብዙዎቻችን ሁለቱንም «አልሠራም» ብለን በአንድ ከረጢት እንጥላቸዋለን። ያኔ የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው፦ (x − 5)² ሲበትን መካከለኛውን −10x በስህተት +10x ብሎ የጻፈ ተማሪ በመልሶቹ ተክቶ አልሠራ ሲለው «ሁለቱም ሰርጎ ገብ ናቸው፣ መፍትሔ የለውም» ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል። x + 7 = x² + 10x + 25 ብሎ ሲጀምር የሚያገኘው እኩልታ x² + 9x + 18 = 0 ነው፣ መልሶቹም −3 እና −6 ናቸው፤ በ−3 ሲተካ 2 እና −8፣ በ−6 ሲተካ 1 እና −11 ይወጣል፣ በሁለቱም ልዩነቱ የምልክት ብቻ አይደለም። መፍትሔ የለም የሚለው ድምዳሜ እንዲህ የስህተት መሸሸጊያ ይሆናል።

ማረጋገጡ ራሱ የሚበላሽባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በየትኛው መስመር ላይ እንደሚተካ ነው። ተማሪዎች ስኩዌር ሩት ስለሚከብዳቸው x + 7 = (x − 5)² ላይ ይተካሉ። 2ን ሲያስገቡ 9 = 9 ይወጣል፣ ደስ ብሏቸው ያልፋሉ። ምልክቱ እዚያ መስመር ላይ ሳይደርስ ተውጧልና ያ ቦታ ሰርጎ ገቡን ሊይዝ አይችልም። ማረጋገጫው ስኩዌር ከመደረጉ በፊት ባለው መስመር፣ በተለይም በጥያቄው በራሱ ላይ መሆን አለበት። ሁለተኛው መንገድ √9ን «3 ወይም −3» ብሎ መጻፍ ነው። እንዲህ ካደረገ 2 ያልፍለታል። x² = 9 የሚለው እኩልታ ሁለት መልስ አለው፤ √9 የሚለው ምልክት ግን የአንድ ቁጥር ስም ነው፣ እሱም 3። ይህን ያላጠራ ተማሪ ሰርጎ ገብ መልስ ምን እንደሆነ ፈጽሞ ሊገባው አይችልም፣ ምክንያቱም ለእሱ ሁለቱ መንትያ እኩልታዎች አንድ ናቸው።

ሌላ ደጋግሜ የምሰማው «ከስኩዌር ሩቱ ሥር ያለው ኔጋቲቭ እንዳይሆን ብቻ እይ» የሚል ምክር አለ። በምሳሌያችን ላይ ፈትኑት። በ2 ከሥሩ ያለው 9 ነው፣ ምንም ነውር የለበትም። ምክሩ 2ን ያሳልፈዋል። መታየት የነበረበት ቀኙ ጎን ነው። ስኩዌር ሩት ኔጋቲቭ አይወጣውምና x − 5 ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ x ከ5 አያንስም። 2 እዚህ ላይ ይወድቃል። እንዲያውም ቀኙ ጎን ይህን ካሟላ ከሥሩ ያለውን ለብቻው ማየት አያስፈልግም፣ ከቀኙ ስኩዌር ጋር እኩል ስለሆነ በራሱ ኔጋቲቭ ሊሆን አይችልም።

«ኔጋቲቩን ጣል» የሚለው አቋራጭም ያው ነው። √(x + 6) = −x ን ፍቱ። ስኩዌር ሲደረግ x² − x − 6 = 0 ይሆናል፣ እጩዎቹም 3 እና −2 ናቸው። በ3 ግራው 3፣ ቀኙ −3፤ ወደቀ። በ−2 ግራው √4፣ ማለትም 2፤ ቀኙ −(−2)፣ እሱም 2። የሚያልፈው ኔጋቲቩ ነው። ሁለቱም የሚያልፉበትም አለ፤ √(x − 3) = x − 3 በ3ም በ4ም እውነት ነው። ስለዚህ «ከሁለቱ አንዱ ይወድቃል» ብሎ የሚጠብቅ ተማሪም ይሳሳታል።

ሁለት ስኩዌር ሩት ሲኖር መታወቂያው በግልጽ ላይታይ ይችላል፣ ይህንንም ላሳያችሁ።

√(3x + 1) − √(x + 4) = 1

አንዱን ወደ ቀኝ አሻግረን √(3x + 1) = 1 + √(x + 4) እንበል። ስኩዌር ስናደርግ 3x + 1 = x + 5 + 2√(x + 4) ይመጣል። ይህ ሲጠረግ x − 2 = √(x + 4) ይሆናል። እንደገና ስኩዌር፦ x² − 4x + 4 = x + 4፣ ማለትም x² − 5x = 0። እጩዎቹ 5 እና 0 ናቸው። በጥያቄው ላይ 5ን ስንተካ 4 − 3 = 1፣ ልክ ነው። 0ን ስንተካ 1 − 2 = −1፤ 1 መሆን ነበረበት፣ ወደቀ።

የገባው ከየት ነው? የመጀመሪያው ስኩዌር ንጹሕ ነው፤ ሁለቱም ጎኖች ኔጋቲቭ መሆን ስለማይችሉ የሚዋጥ ምልክት አልነበረም። የገባው ሁለተኛው ላይ ነው። x − 2 = √(x + 4) ላይ 0ን ተኩ፦ ግራው −2፣ ቀኙ 2። መታወቂያው ይኸው። በጥያቄው ላይ ስንተካም −1 እና 1 መውጣታቸው እዚህ የተገጣጠመ ነው፤ ስኩዌር ሩቶች ሲበዙ ሁልጊዜ እንደዚያ እንዲወጣ አትጠብቁ። መልሱ መውደቁን የሚነግራችሁ ጥያቄው ነው፣ ለምን እንደወደቀ ማወቅ ስትፈልጉ ግን ስኩዌር ከተደረገበት መስመር አንድ ደረጃ ከፍ ብላችሁ ተኩ።

በነገራችን ላይ ኪዩብ ሩት ላይ ይህ ጣጣ የለም። የ2 ኪዩብ 8፣ የ−2 ኪዩብ −8 ነው፤ ምልክቱ አይዋጥም፣ ስለዚህ በገሃድ ቁጥሮች ወደፊት የሄደ ወደኋላም ይመለሳል። እዚያ የሚደረግ ማረጋገጫ የስሌት ስህተት መያዣ ብቻ ነው።

የዚያችን ልጅ ወረቀት ዛሬ ባርመው 2ቱን እሰርዘዋለሁ፣ ከጎኑ ግን የምጽፈው «መስመሮችሽ ሁሉ ልክ ናቸው፤ 2 የ −√(x + 7) = x − 5 መልስ ነው» ብዬ ነው። አሁን ሰሌዳውን ላጥፋና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።