«በቸልተኝነት» የምትለዋን ቃል ከሪፖርታችን እናውጣት
(ኮምቦልቻ ለፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊዎች፣ ለጥገና ሠራተኞችና ለሰው ኃይል ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የፈረቃ ኃላፊዎች፣ የጥገና ባለሙያዎች፣ የሰው ኃይል ክፍል ባልደረቦች፣ እንደምን አደራችሁ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ቤት ሳትገቡ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። አብሽሩ፣ አላረዝመውም።

ዛሬ የማወራው ስለ ሁለት ወረቀቶች ነው። አንዱ አደጋ ሲደርስ የሚጻፈው ሪፖርት ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ለሠራተኛው የሚወጣው ማስታወሻ ነው። በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው የየትኛውም ፋብሪካ ታሪክ አይደለም፤ ለዛሬ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። ጥጥ ፋብሪካ የሠራችሁ ግን ነገሩ አይጠፋችሁም።

ሌሊት ነው። ካርዲንግ ማሽን ላይ ጥጥ ይታፈናል። ኦፕሬተሩ ማቆሚያውን ይጫናል፣ ሽፋኑን ይከፍታል፣ እጁን ይሰዳል። ሁለት ጣቶቹ ይቆረጣሉ። በመኪና ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሆስፒታል ያደርሱታል። ጠዋት ላይ ይህ ሪፖርት ይጻፋል፦

«ኦፕሬተሩ በቸልተኝነት እጁን ወደ ማሽን በማስገባቱ ጉዳት ደርሶበታል። ሠራተኞች እንዲጠነቀቁ ተነግሯል።»

ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያለ ወረቀት የፈረምን? ማሽኑ ምን ሆኖ እንደነበር ከዚህ ጽሑፍ አናውቅም። ነገ ሌላ ልጅ እዚያው ቦታ ቢቆም ምን እንደሚጠብቀውም አይነግረንም። «ቸልተኛ» ማለት ያየነው ነገር አይደለም፤ የፈረድነው ፍርድ ነው። ሪፖርት ደግሞ መጀመሪያ ያየነውን ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ እንደገና እንጻፈው።

«ከሌሊቱ 9፡40 ገደማ ካርዲንግ ቁጥር 4 ላይ ጥጥ ታፈነ። ኦፕሬተሩ ማቆሚያውን ተጫነ። የታችኛውን ሽፋን ከፍቶ ጥጡን በእጁ ሊያወጣ ሲል ሲሊንደሩ ገና አልቆመም ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በሽቦ ጥርሱ ተያዙ። ሽፋኑን የሚይዘው መቆለፊያ በሽቦ ታስሮ ክፍት ሆኖ ተገኝቷል። ማን እንዳሰረውና መቼ እንደታሰረ አልተረጋገጠም።»

ልዩነቱን አያችሁ? የካርዲንግ ሲሊንደር ከባድ ነው። መብራቱ ተቋርጦም በራሱ ኃይል ለደቂቃዎች ይዞራል። መቆለፊያው የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሲሊንደሩ ፈጽሞ ሳይቆም ሽፋኑ እንዳይከፈት። መቆለፊያው እንዲህ ታስሮ ከሥራ ውጭ ከተደረገ፣ «ማሽኑን አጥፍቻለሁ» ብሎ የሚያምን ሰው በሚዞር ጥርስ ላይ እጁን ይሰዳል። በሁለተኛው ሪፖርት ይህ አለ። በመጀመሪያው የለም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል፤ ቀላል ይመስላል ግን ያጣላል። የማሽኑ ስክሪን 03:40 ብሎ መዝግቧል። የጥበቃው መዝገብ ከሌሊቱ 9፡40 ይላል። ሁለቱም ያው ሰዓት ነው፣ ግን ወረቀቱን ያልለመደ ሰው ሲያየው ስድስት ሰዓት ይለያያል። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነም ግለጹ። ቀኑንም እንዲሁ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉበት።

ሪፖርቱ መጻፍ ያለበት ፈረቃው ሳይበተን ነው። የተጎዳው ሰው መጀመሪያ ይታከም፣ ማሽኑ ከኃይል ይቆለፍ። ከዚያ ማንም ሽቦውን ሳይፈታ ፎቶ ይነሣ። የታሰረችው ሽቦ ጠዋት ላይ እንደምትጠፋ እኔም እናንተም እናውቃለን። ምስክሮችን ለየብቻ አነጋግሩ፤ አብረው ከተቀመጡ አንዱ ያለውን ሌላው ይደግመዋል። የሰማችሁትን «እንደነገረኝ» ብላችሁ፣ ያያችሁትን «አይቻለሁ» ብላችሁ ለዩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። መቆለፊያው ለምን ታሰረ? ኦፕሬተሩን በቁጣ ሳይሆን በወግ ጠይቁት። «በፈረቃ ብዙ ጊዜ ይታፈናል፣ እስኪቆም ብጠብቅ ኪሎው ይጎድላል» ይላችኋል። ለምን ይታፈናል? ቆሻሻውን የሚመጠው አየር ደክሟል። ለምን ደከመ? ፊልትሩ አልጸዳም። ለምን አልጸዳም? በጥገና ፕሮግራሙ ላይ የሌሊት ፈረቃ ድርሻ የለም። አያችሁ፣ ከጣት ተነሥተን ፊልትር ላይ ደረስን። ሪፖርቱ ላይ «ቸልተኝነት» ብለን ብንጽፍ ኖሮ ፊልትሩ እንደተደፈነ ይቀራል፣ ሽቦዋም ከሳምንት በኋላ ትመለሳለች።

«ቸልተኝነት ካልተጻፈ ድርጅቱ ካሣ ይጠየቃል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ሌላ ጉዳይ ነው። ተራ ቸልተኝነት የሚል ቃል ግን ድርጅቱን አያድንም። አዋጁ አደጋን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሽቦውን ካገኘ ደግሞ ያ ሪፖርት ራሱ መዘዝ ይሆናል።

ሁለተኛው ወረቀት ማስታወሻው ነው። ብዙውን ጊዜ «ሁላችሁም እንድትጠነቀቁ በጥብቅ እናሳስባለን» ተብሎ ማኅተም ይመታበታል። መጠንቀቅ እርምጃ አይደለም። እርምጃ ማለት አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው፣ ሄደህ በዓይንህ የምታየው ነገር ነው። ለምሳሌያችን እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦

«ባለፈው ሳምንት በሌሊት ፈረቃ አንድ የሥራ ባልደረባችን ካርዲንግ ላይ እጁን ተጎድቷል። ሽፋኑ የተከፈተው ሲሊንደሩ ሳይቆም ነው፤ መቆለፊያው ከሥራ ውጭ ተደርጎ ነበር። የሁሉም ካርዲንግ ማሽኖች መቆለፊያ ተፈትሿል። ከዛሬ ጀምሮ መቆለፊያው የማይሠራ ማሽን አይነሣም። ጥገና ክፍል የመምጠጫ ፊልትሩን በየፈረቃው ያጸዳል፣ የፈረቃ ኃላፊው ይፈርማል። ጥጥ ሲታፈን ማሽኑን አጥፉ፣ ዋናውን ማብሪያ በራሳችሁ ቁልፍ ቆልፉ፣ ሲሊንደሩ እስኪቆም ጠብቁ። በዚህ ምክንያት ለሚጎድል ምርት ማንም አይጠየቅም።»

የተጎዳው ሰው ስም የለም። የሕክምናው ዝርዝርም የለም። ሠራተኛው ማን እንደሆነ ቢያውቅም፣ ከተማው ሁሉ እንዲያውቅ ግን ወረቀቱን አንለጥፈውም።

የማስታወሻውን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ልብ በሉ። እሷን የሰው ኃይል ክፍል ብቻውን ሊጽፋት አይችልም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ይፈርምባት። ያለ እሷ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው፤ ኦፕሬተሩ ኪሎ እየተቆጠረበት ማሽን አጥፍቶ አይጠብቅም።

ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ አትተዉት። ሦስቱም ፈረቃ ሲለዋወጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ማንበብ የሚከብደው አለ፣ ሰሌዳ ፊት የማይቆምም አለ። ካነበባችሁ በኋላ «ጥጥ ቢታፈን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ አንዱን ጠይቁ። መልሱ ካልመጣ ጽሑፉ አልገባውም ማለት ነው፣ አስተካክሉት።

ከወር በኋላ ደግሞ ሂዱና እዩ። ቀን ሳይሆን ሌሊት፣ ሳትናገሩ። ሽፋኑ ሲሊንደሩ ሲዞር ይከፈት እንደሆነ በጥገና ባለሙያ አስፈትሹ፣ የፊልትሩን ፊርማ ተመልከቱ። ሁሉም ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን የተሞላ ከመሰላችሁ ፊልትሩን ራሳችሁ ክፈቱት።

ባዶውን የሪፖርት ቅጽ ይዤ መጥቻለሁ። አሁን በየጠረጴዛው እናድላለን፤ እየተመካከራችሁ ይህንኑ የካርዲንግ ምሳሌ ሙሉበት፣ ከሻይ በኋላ አንድ ላይ እናየዋለን።