ከሐብሉ ዋጋ ስንቱ የወርቅ፣ ስንቱ የእጅ ነው?

[ምስል፦ ጥቁር ከፈይ ላይ የተዘረጋ ሐብል። አጠገቡ ትንሽ የወርቅ ሚዛን፤ ሐብሉ ሲቀመጥበት 10.00 ያነባል።]

ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ እሸጥ በነበረበት ጊዜ አንዲት እናት ልጃቸውን ሊድሩ ሐብል ሊገዙ መጡ። ባለ 21 ካራቱን አንስተው ወደዱት። ግራሙ ከነእጁ፣ ማለትም የአንጥረኛው የሥራ ዋጋ ተጨምሮበት፣ 19,000 ብር መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ።

«ልጄ፣ እዚያ ማዶ ያለው ቤት ግራሙን 17,000 ነው ያለኝ። አንቺ ሁለት ሺህ ጨምረሽ ትይኛለሽ?»

«እማማ፣ የዚያኛው ስንት ካራት ነው?»

«ካራቱንማ አልጠየቅሁም።»

ማዶ ያለው ሐብል ባለ 18 ነበር። የዛሬው ቪዲዮ እኒህን ሁለት ሐብሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስላት ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ አድርጌ አስተካክያቸዋለሁ፤ እናንተ የገዛችሁ ቀን ባለው ዋጋ ተኩት።

[ምስል፦ ነጭ ሰሌዳ። ከላይ «24» ተብሎ ይጻፋል።]

መነሻችን የንጹሕ ወርቅ፣ ማለትም የባለ 24 ካራት የግራም ዋጋ ነው። ካራት ማለት ጌጡን በ24 እኩል ክፍል ብንከፍለው ስንቱ ክፍል ወርቅ ነው ማለት ነው። ባለ 21 ከሆነ 21ዱ ወርቅ ነው፤ ሦስቱ ክፍል ደግሞ መዳብና ብር፣ ማለትም ነጩ ማዕድን፣ ነው። እነዚህ የሚደባለቁት ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ቶሎ ይጎብጣል፣ ይጫራል። 21ን ለ24 ስናካፍል 0.875 ይመጣል። ከሐብሉ መቆለፊያ አጠገብ በአጉሊ መነጽር የምታዩት 875 የሚል ማኅተም ይኸው ነው። 750 ካያችሁ ባለ 18 ነው፣ 585 ባለ 14፣ 916 ባለ 22።

የዛሬው ንጹሕ ወርቅ ግራሙ 20,000 ብር ነው እንበል። እንግዲህ የባለ 21 ግራም በ0.875 ተባዝቶ 17,500 ብር፣ የባለ 18 ግራም በ0.75 ተባዝቶ 15,000 ብር ይሆናል። ይህ ገና ማንም እጁን ያላሳረፈበት ወርቅ ዋጋ ነው።

[ምስል፦ ሁለቱ ሐብሎች ጎን ለጎን። ከሥራቸው ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ።]

አሁን ወደ እማማ ሐብል እንመለስ። ሁለቱም 10 ግራም ናቸው። የእኛው ባለ 21 በ19,000 ሒሳብ 190,000 ብር ነው። ውስጡ ያለው ወርቅ 175,000 ያወጣል፤ የተረፈው 15,000 የእጅ ዋጋ ነው፣ በግራም 1,500 ብር መሆኑ ነው። የማዶው ባለ 18 በ17,000 ሒሳብ 170,000 ብር ነው። ወርቁ 150,000 ያወጣል፤ የእጁ 20,000 ነው፣ በግራም 2,000 ብር።

ርካሽ የመሰለው ሐብል በእጅ ዋጋው አምስት ሺህ ብር ይበልጣል። የጥሪ ዋጋው ዝቅ ያለው ወርቁ ስላነሰ ነው እንጂ ሻጩ ስለራራ አይደለም።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሱቅ ቆማችሁ በአንድ ማካፈል ልታዩት ትችላላችሁ። ጠቅላላ ዋጋውን ውስጡ ላለው ንጹሕ ወርቅ ግራም አካፍሉት። የእኛው 10 ግራም በ0.875 ሲባዛ 8.75 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 190,000 ለ8.75 ሲካፈል 21,714 ብር። የማዶው 7.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 170,000 ለ7.5 ሲካፈል 22,667 ብር። ካራቱ የተለያየ ቢሆንም አሁን ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ናቸው። ይህችን 21,714 ያዙልኝ፤ ወደኋላ እንፈልጋታለን።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን ላይ የአውንስ ዋጋ የሚያሳይ ገጽ።]

«ንጹሕ ወርቅ ዛሬ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንደኛው መንገድ ሱቁን ራሱን መጠየቅ ነው፦ «የእጁን ሳትጨምር የባለ 21 ግራም ዛሬ ስንት ነው?» ያላችሁን ለ21 አካፍላችሁ በ24 አባዙት። 17,500 ካላችሁ 20,000 ይመጣል። ከዚያ የባለ 18ንም ጠይቁ። 15,800 ካለ ለ18 አካፍላችሁ በ24 ስታባዙት 21,067 ይሆናል። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ዓይነት የንጹሕ ወርቅ ዋጋ ሊኖር አይገባም። ባለ 18ቱ ላይ የእጅ ዋጋ ተደብቋል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ከዓለም ዋጋ መነሣት ነው። የዓለም ገበያ ወርቅን በአውንስ ይጠራል፤ የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው። አውንሱ 4,000 ዶላር፣ ዶላሩ 155 ብር ቢሆን፣ 4,000 ለ31.1 ተካፍሎ በ155 ሲባዛ 19,900 ብር ገደማ ይመጣል። የአዲስ አበባ ዋጋ ከዚህ ትንሽ ወጣ ወይም ወረድ ሊል ይችላል፤ ግን ቅርበቱን ያሳያችኋል። ወርቅ በብር ሲወደድ ወይ አውንሱ ወጥቷል፣ ወይ ብሩ ወርዷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ፣ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ ሁለተኛው ምክንያት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሁላችንም አይተናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዜና ላይ አውንስን «ወቄት» ብለው ሲተረጉሙት ትሰማላችሁ። የአያቶቻችን ወቄት ግን በማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት የተለካ፣ 28 ግራም ገደማ ነው። በዜናው ወቄት ዋጋ ተነሥታችሁ ለ28 ካካፈላችሁ በአንድ ግራም ከ2,000 ብር በላይ ትሳሳታላችሁ። ሻጩ ትክክለኛ ዋጋ ሲነግራችሁ እንኳ የረከሰላችሁ ይመስላችኋል።

[ምስል፦ የአንጥረኛ ጠረጴዛ። ቀጭን የወርቅ ሽቦ ሲጠማዘዝ።]

የእጅ ዋጋ ስል የማይገባ ገንዘብ እያልኩ አይደለም። በሽቦ የተጠለፈ የአንገት መስቀል አንጥረኛው ዓይኑን አፍዝዞ የሚሠራው ነው፤ ከማሽን ወጥቶ በሜትር ከሚቆረጥ ሰንሰለት እኩል ሊከፈለው አይችልም። የሚያሳስበኝ አጠራሩ ነው። አንዳንዱ በግራም ይጠራል፣ አንዳንዱ በፍሬ፣ አንዳንዱ በመቶኛ። በመቶኛ ሲሆን ተጠንቀቁ። በ8 በመቶ የተሠራ 10 ግራም ባለ 21 ሐብል፣ ንጹሕ ወርቅ 15,000 በነበረ ጊዜ የእጁ 10,500 ብር ነበር። ወርቁ 20,000 ሲገባ ያው እጅ 14,000 ይሆናል። ሥራው አልጨመረም፤ የጨመረው ወርቁ ነው። በግራም ወይም በፍሬ ቁርጥ አድርገው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ቫቱም ከተጠራው ዋጋ ውስጥ ነው ወይስ ከላይ የሚታከል መሆኑን አብራችሁ አረጋግጡ፤ 15 በመቶ በኋላ ሲመጣ ስሌቱን ሁሉ ያፈርሰዋል።

[ምስል፦ ፈርጥ ያለው ቀለበት ሚዛን ላይ፤ 6.20።]

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ሚዛን ላይ ነው። ይህ ባለ 18 ቀለበት 6.20 ግራም ይመዝናል። ፈርጦቹ በገበያ ዚርኮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ ኩቢክ ዚርኮኒያ፣ ናቸው፤ አንድ ላይ 0.90 ግራም። ሁሉም እንደ ወርቅ ከተመዘነ 0.90 በ15,000 ሲባዛ 13,500 ብር ነው። ይህን ገንዘብ ለዚርኮን በወርቅ ዋጋ ከፈላችሁ ማለት ነው። ዚርኮን ደግሞ ቀላል ድንጋይ አይደለም፤ በመጠን እኩል ከሆነ አልማዝ ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይከብዳል። ፈርጡ ከገባ በኋላ ነቅሎ መመዘን አይቻልም፤ ግን አንጥረኛው ከማስገባቱ በፊት መዝኖታል። «የድንጋዩ ስንት ይቀነሳል?» በሉ። የሚያውቅ ሻጭ ወዲያው ይመልስላችኋል።

ሚዛኑንም እዩት። ጌጡ ከመቀመጡ በፊት 0.00 ማንበብ አለበት። ማራገቢያ ፊት ለፊት ካለ ቁጥሩ ይዘላል፤ አስጠፉትና ይመዘን። ሁለት የአሥርዮሽ ቁጥር የሌለው ሚዛን ለወርቅ አይሆንም። 0.05 ግራም ባለ 21 ወርቅ 875 ብር ነው።

[ምስል፦ ጥቁር መፈተኛ ድንጋይ፣ ላዩ ላይ ሁለት ቢጫ መስመሮች።]

ማኅተሙ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። አንጥረኛው ሐብሉን በዚህ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሸዋል፤ መስመር ይቀራል። አጠገቡ ካራቱ በሚታወቅ ወርቅ ሌላ መስመር ይሰምራል፣ ከዚያ የአሲድ ጠብታ ያሳርፍበታል። የእናንተው መስመር ከሌላኛው ፈጥኖ ከደበዘዘ ካራቱ ዝቅ ያለ ነው። ፈተናው የሚያየው የታሸውን ቦታ ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ አይበቃም። መካከሉም፣ መቆለፊያው አጠገብ ያለው ብየዳም ይታሽ። ቀለበቶቹ የተያያዙበት የብየዳ ወርቅ ዝቅተኛ ካራት ሲሆን፣ ብዙ ብየዳ ያለው ቀጭን ሐብል ቀልጦ ሲፈተን 21 የነበረው 20 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መቆለፊያው ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ምላስም ብዙ ጊዜ ወርቅ ሳትሆን የብረት ስፕሪንግ ናት።

[ምስል፦ ደረሰኝ ላይ አራት መስመሮች እየተጻፉ።]

ደረሰኙ ላይ «ሐብል፣ 190,000» ብቻ ከተጻፈ ነገ ምንም ማስረዳት አትችሉም። ክብደቱ ድንጋዩ ተቀንሶ፣ ካራቱ፣ የዕለቱ የግራም ዋጋ፣ የእጁ ዋጋ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ። ከዱባይ ወይም ከሪያድ ለምትገዙም ያው ነው፤ እዚያ የባለ 24፣ 22፣ 21 እና 18 የግራም ዋጋ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚታይ የምትጠይቁት የእጁን ብቻ ነው።

አሁን ያቺን 21,714 እንፈልጋት። ወርቃችሁን ልትሸጡ ስትመጡ ገዢው የሚከፍለው ለንጹሕ ወርቁ ነው፤ የእጁን ዋጋ አይመልስም፣ በራሱም የመግዣ ዋጋ ነው የሚይዘው። በዚያው ቀን ንጹሑን በ19,200 የሚገዛ ቢሆን፣ 8.75 ግራሙ 168,000 ብር ያመጣል፤ 22,000 ብር ጎደለ ማለት ነው። 15,000ው የእጁ ነው፣ የቀረው 7,000 የመሸጫና የመግዣ ልዩነት። ያ ሐብል የከፈላችሁትን የሚመልስላችሁ የመግዣ ዋጋው 21,714 ሲደርስ ነው። ለማዶው ግን 22,667 መጠበቅ ነበረባችሁ።

እማማ ያን ቀን ባለ 21ዱን ወሰዱ። ቁጥሯን ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ ጻፍኩላቸው፤ እሳቸውም አጣጥፈው ከሐብሉ ሣጥን ውስጥ ከተቱት።