ፌስታሉን ያዝነው፣ አሁንስ ምን እናድርገው? ከሐዋሳ አድማጮች ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት ስልክ መስመሩ ላይ ስለ ሐይቁና ስለ ቦዮቹ ከጠየቃችሁትና ያኔ ከመለስኩላችሁ ጥቂቱን በጽሑፍ አሰፈርኩት። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ስለሆነ፣ እኔም አንዳንዱን ብደጋግመው አትቀየሙኝ።

«ጋሼ፣ ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ሞልቶ ቆሻሻውን ጠርጎ አያወጣውም እንዴ?» (ከመነኸሪያ)

ወዴት ያውጣው? የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ አለው፣ የሚፈስበት መውጫ ግን የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል፣ የከተማው ጎርፍ ይገባል። ውሃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ ምድር በመስረግ ነው። ሃይላንድ ደግሞ አይተንም።

«የሰፈራችን ልጆች ጎርፉ የሚወርድበት ቦይ ላይ የዓሣ መረብ ወጥረን ፕላስቲኩን እንያዘው ይላሉ። ያዋጣል?» (ከታቦር)

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ መረቡ ግን አይሆንም። መረብ ቦዩን ከታች እስከ ላይ ከዘጋ ቅጠሉም ጭቃውም ይያዝበታል፣ ውሃው ይቆምና ወደ ቤታችሁ ይዞራል። ልትይዙ የምትፈልጉት የሚንሳፈፈውን ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ከሥር እንዲያልፍ ትታችሁ ላዩን የሚጠርግ ተንሳፋፊ ማገጃ ሥሩ።

መጀመሪያ ውሃውን እወቁት። ቦዩ ቀጥ ያለበትን ቦታ ምረጡና ዳር ዳሩን 10 ሜትር ለኩ። ከላይ ብርቱካን ጣሉ፣ አንድ ሰው ሰከንድ ይቁጠር። ብርቱካን ያልኩት ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሄድ ነው፤ ባዶ ሃይላንድ ንፋስ ይገፋውና ያሳስታችኋል። 10 ሜትሩን ከ20 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ቦታው ተስማሚ ነው። ከ10 ሰከንድ በታች ከሄደ እዚያ አትልፉ፣ ቆሻሻው ከማገጃው ሥር እየሰመጠ ያልፋል። ሰፋ ብሎ ዝግ ያለበትን ቦታ ፈልጉ።

ቦያችሁ 6 ሜትር ይሰፋል እንበል። ማገጃውን ከዳር ዳር ቀጥ አድርጋችሁ አትወጥሩት፤ አግድም ሰያፍ ይሁን። አንዱ ጫፍ በወዲያኛው ዳር ከላይ፣ ሌላው ጫፍ በወዲህኛው ዳር 6 ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ይታሰራል። ያን ጊዜ ቆሻሻው ማገጃውን ተከትሎ እየተንሸራተተ አንድ ጥግ ላይ ይከማችላችኋል፣ እናንተም ደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ ትለቅሙታላችሁ። በሰያፉ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ላላ እንዲል 10 ሜትር ወፍራም የናይለን ገመድ ያዙ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከ30 እስከ 35 ተጠጋግቶ ይታሰርበት፣ ክዳኑ ጥብቅ ይበል። ከሥሩ አንድ ክንድ የማይሞላ መረብ አንጠልጥሉና ጫፉ ላይ ጠጠር እሰሩበት፤ ፌስታል ሲሾልክ የሚያዘው እሱ ነው።

ገመዱን ዳርና ዳር በተከላችሁት አጣና ላይ በቋጠሮ አትቸክሉት። ሰፊ ቀለበት አስገቡበትና ውሃው ሲነሳ አብሮ ይነሳ። እኔ ወጣት ሆኜ የሠራሁት የመጀመሪያው ማገጃ ቀጥ ብሎ የተወጠረ፣ በቋጠሮ የታሰረ ነበር። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስደርስ ግማሹ ገመድ ዛፍ ላይ ተጠምጥሟል፣ ጀሪካኖቹ የሉም። ሐይቁን ላጸዳ ሄጄ ሃያ ጀሪካን ጨመርኩለት።

ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ባዶ አድርጉት። ሞልቶ የቆየ ማገጃ ቆሻሻውን ከሥሩ ይለቀዋል። ከማገጃው በታች ፌስታል ሲያልፍ ካያችሁ፣ ወይ ሞልቷል፣ ወይ ጀሪካን ውሃ ገብቶበት ሰምጧል። ጀሪካኑ ፀሐይ አቃጥሎት ሲነጣና ሲሰነጠቅም ለውጡት፣ አለበለዚያ ራሱ ስብርባሪ ሆኖ ውሃ ውስጥ ይገባል።

ዝናብ እየጣለ ግን ማንም ቦይ ውስጥ አይግባ። ማገጃው ይበጠስ። ጀሪካን ይተካል።

«ሃይላንዱ ሁሉ ይንሳፈፋል አይደል?» (ከአዲስ ከተማ)

ክዳኑ የተዘጋው ይንሳፈፋል። ክዳኑ የሌለው ውሃ ይሞላና ይሰምጣል፣ ፕላስቲኩ ራሱ ከውሃ ይከብዳልና። ስለዚህ ማገጃ ሁሉን አይዝም፤ የሰመጠው በበጋ ውሃው ሲሸሽ በእጅ ይለቀማል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የሐይቁን ዳር እናጸዳለን። የሰበሰብነውን እዚያው እናቃጥለዋለን። ጭሱ ወደ ሐይቁ ስለሚሄድ ሰው አይነካም።» (ከሐይቅ ዳር)

ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላችሁ የለቀማችሁትን በአንድ ክብሪት መልሳችሁ አበላሻችሁት። ይህን በየሳምንቱ እላለሁ፣ ነገም እላለሁ፦ አታቃጥሉ።

ከውሃ የወጣ ፕላስቲክ እርጥብ ነው፣ ጭቃና ቅጠል ይዟል። እሳቱ በደንብ ሳይነድ ይጨሳል። በዚህ ዓይነት ዝቅተኛ ሙቀት የሚቃጠል ፕላስቲክ፣ በተለይ እንደ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና አንዳንድ የጫማ ሶል ያለው ክሎሪን ያለበት ዓይነት፣ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ዳይኦክሲን ስብ ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ ቶሎ አይጠፋም። አመዱ ደግሞ እዚያው ዳር ይቀራል። በመጀመሪያው ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ቆሮሶው ወደሚበላበት፣ አምባዛው ወደሚያንቀላፋበት ጭቃ።

ጭሱም ወደ ሐይቁ ብቻ አይሄድም። ንፋስ ይዞራል። ዙሪያውን ማን ነው የሚቆመው? ልጆች። እሳት ስለሚወዱ ቀረብ ይላሉ።

ስለ እሳት ካነሳን እናቶችንም ልጨምር። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል የምትለኩሱ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ እናቴም ታደርገው ነበር። ዓሣውን ፌስታል ባጨሰው ፍም ላይ ጠብሶ ለልጅ ማጉረስ ምን ይባላል? ደረቅ ጭራሮ ጠፍቶ ነው? የበቆሎ ቆረቆንዳ ጠፍቶ ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ? እዚያው ዳር በሦስት ማዳበሪያ ለዩት። ሃይላንዱን ውሃውን አፍስሳችሁ፣ ረግጣችሁ ለብቻ፤ እሱን ቆራሌው ይወስደዋል። ጀሪካን፣ ሳፋና ባልዲ ለብቻ፤ እሱም ገዢ አለው። ፌስታልና ጫማ የቀረው ማዳበሪያ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ጭቃ የነካው ፌስታል ገዢ የለውም። አጥር ላይ አድርቁት፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ አስራችሁ ለሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበር ስጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ከማህበሩ ጋር ቀን ቁረጡ። ማዳበሪያው ዳር ላይ አድሮ ውሻ ከበተነው ሥራው እንደገና ሀ ብሎ ይጀመራል።

«ፕላስቲኩ ቄጠማው ውስጥ ይሰካል። ቄጠማውን ነቅለን ብናጸዳስ?» (ከሐይቅ ዳር)

አትንቀሉ። ጫጩት ዓሣ የሚደበቀው እዚያ ነው፣ ዳሩን ከመሸርሸር የሚይዘውም ሥሩ ነው። ረጅም እጀታ ያለው ሬክ ወይም ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ውሰዱና ፌስታሉን ብቻ ጎትቱት። ቦት ጫማ አድርጉ፣ ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት። ማለዳና ምሽት ደግሞ ጉማሬው ዳር ዳር የሚልበት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሂዱ። ጉማሬ ቆሻሻ ለቃሚ ነህ ብሎ አያልፍህም።

«ትናንት ስናጸዳ የመርፌ ጫፍ ጣቴን ወጋኝ። ትንሽ ነው፣ ደሙም ቆሟል። በአልኮል ጠርጌዋለሁ፣ ይበቃል?» (ሴት አድማጭ፣ ሰፈሯን አልተናገረችም)

አይበቃም እህቴ። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ያገለገለ መርፌ ወጋኝ» በያቸው፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ቢያስፈልግሽ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ቴታነስና የጉበት ቫይረሱንም ጠይቂያቸው። አንድ ቀን አልፏል። መልሴን እስክጨርስ አትጠብቂ፣ ስልኩን ዝጊና ሂጂ።