የኢንሱሊን ፎቶ ሲላክላችሁ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?

እንደምን አደራችሁ! ከኮዬ ፈጬም፣ ከገላንም፣ ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱም ቅዳሜን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ ከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች መድኃኒት ሲጠፋብን የሚፈልግልን መሀል ከተማ የሚሠራው ልጅ ነው። ልጁ ፋርማሲ ይገባና ብልቃጡን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። «እማዬ፣ ይሄ ነው?» ይላል። እናት መነጽሯን ታደርግና ቀለሙን አይታ «አዎ፣ እሱ ነው» ትላለች። እኔ የምፈራው ይቺን «አዎ» ነው።

ቀለሙ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ስም የሚታወቅ፣ ብልቃጡ ላይ የሚደረግ የቀለም ምልክት አለ። ቶሎ የሚሠራው ሬጉላር ቢጫ ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራው ኤንፒኤች፣ አንዳንዶች አሁንም ሌንቴ የሚሉት፣ አረንጓዴ ነው። የሁለቱ ቅልቅል፣ 30/70 የሚባለው፣ ቡኒ ነው። ብልቃጡን በእጃችሁ ይዛችሁ በቀን ብርሃን ስታዩት ቀለሙ ጥሩ ይረዳችኋል። ችግሩ የሚመጣው ስልክ መሀል ሲገባ ነው።

ስልክ ቀለም የሚገምተው ከአካባቢው ብርሃን ተነስቶ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ፈዛዛ አረንጓዴ ወደ ቢጫ ይሳባል። ቡኒው ብርቱካናማ ሊመስል ይችላል። ፍላሽ ከበራ ደግሞ ብልቃጡ ክብ ስለሆነ መሀሉ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይወጣና ጽሑፉን ይበላዋል። በዚያ ላይ ቀይና አረንጓዴን በደንብ የማይለዩ ሰዎች አሉ፤ ወንዶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ብዙዎቹ እንደዚያ መሆናቸውን እንኳ አያውቁም።

ለዚህ ቀላል መላ አለ። ልጁ ብልቃጡን ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጠው። የደረሰኙ ጀርባም ይበቃል። ፎቶው ሲደርሳችሁ አስቀድማችሁ ወረቀቱን እዩ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታያችሁ ብልቃጡም ላይ ያ ቢጫ ተቀብቷል ማለት ነው። ያን ፎቶ ለቀለም አትመኑት። ወደ በር ወይ ወደ መስኮት ወጣ ብሎ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ እንደገና ያንሳው።

አሁን ንባቡ ላይ እንምጣ። ከቀለሙ በፊት የሚነበበው ስሙ ነው። የንግድ ስሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ከሥሩ በትንሹ የሚጻፈው የመድኃኒቱ ስም ግን ይረዳችኋል። «ሶሉብል» ወይም «ሬጉላር» ካለ ቶሎ የሚሠራው ነው። «አይሶፌን» ወይም «ኤንፒኤች» ካለ ቀስ ብሎ የሚሠራው ነው። «ባይፌዚክ» ካለ ወይም 30/70፣ 70/30 የሚል ቁጥር ካለው ቅልቅሉ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለማረጋገጫ ነው። ስሙና ቀለሙ ከተስማሙ ጥሩ። ካልተስማሙ ሌላ ፎቶ ይላክ።

ቀጥሎ ቁጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀለሙ የሚናገረው የመድኃኒቱን ዓይነት ነው፤ ጥንካሬውን አይናገርም። እዚህ አገር የለመድነው ብልቃጥ 100 IU/ml ይላል። አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለ ማለት ነው፤ የ10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ በጠቅላላ 1000 ዩኒት ይይዛል። ሕንድ ውስጥ ግን 40 IU/ml የሆነ ብልቃጥም ይሸጣል። ለሕክምና ወደዚያ የሄደ ዘመድ «ለአባዬ» ብሎ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ኤንፒኤች ሊሆኑ ይችላሉ። ፎቶ ላይ መንታ ይመስላሉ።

እንግዲህ አንድ አባት አስቡ። የታዘዘላቸው ጠዋት 20 ዩኒት ነው። ቤት ያለው መርፌ ብርቱካናማ ክዳን ያለው፣ ለ100 የተሠራው ነው። በዚህ መርፌ ከ40ው ብልቃጥ እስከ 20 ቢስቡ የሚገባላቸው 0.2 ሚሊ ሊትር ነው። እሱ ውስጥ ያለው 8 ዩኒት ብቻ። ስኳራቸው ይወጣል፤ ቤተሰቡ ምግባቸውን ይጠረጥራል፣ እሳቸውም «እንጀራ እንኳ አላበዛሁም» እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

ግልባጩ ይብሳል። ከሕንድ የመጣው ዕቃ ውስጥ ቀይ ክዳን ያለው፣ ለ40 የተሠራ መርፌ አለ እንበል። ብልቃጡ አልቆ መርፌው ቀረ። በዚያ መርፌ ከእኛው ከ100 ብልቃጥ እስከ 20 ቢስቡ 0.5 ሚሊ ሊትር ይገባል። ያ 50 ዩኒት ነው፤ ከታዘዘላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባጠር፣ ከዚያም ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ፎቶ ሲነሳ መርፌውም ከብልቃጡ ጎን ይቀመጥ። ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥርና መርፌው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ 100 ከ100፣ 40 ከ40። ካልገጠሙ በግምት እያሰላችሁ አትውጉ።

ኢንሱሊን ተሞልቶባቸው ስለሚመጡት መውጊያ ብዕሮች ጥቂት ልበል። ከውጭ በሚመጡት አዳዲስ ዓይነቶች ላይ ያ የቢጫ፣ የአረንጓዴና የቡኒ ደንብ አይሠራም። ፋብሪካው ቀለሙን ራሱ ይመርጣል። ኖቮራፒድ ብርቱካናማ ነው፤ ላንተስ ሐምራዊ አለው። ሌቬሚር አረንጓዴ ነው፣ ግን ኤንፒኤች አይደለም። ላንተስና ቱጄዮ ውስጣቸው ያው ግላርጂን የሚባለው ኢንሱሊን ነው፤ አንዱ በሚሊ ሊትር 100፣ ሌላው 300 ነው። ብዕሩ ራሱ በዩኒት ስለሚቆጥር በብዕሩ ከተወጉ ችግር የለውም። መርፌ አስገብቶ ከብዕር ውስጥ መሳብ ግን ክልክል ነው፤ ባለ 300ው ከሆነ ሦስት እጥፍ ይገባል።

ጥራቱንም ከፎቶ ለማወቅ የምትሞክሩ አላችሁ። ሬጉላር እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው፣ ኤንፒኤች ደግሞ ወተት ይመስላል። ይሁንና ቆሞ የቆየ ኤንፒኤች ነጩ ወደ ታች ይዘቅጥና ላዩ ይጠራል። ላዩን ብቻ ያነሳ ሰው ሬጉላር ነው ብሎ ያሳስታችኋል። በሁለት መዳፍ መሀል ቀስ ተደርጎ ተንከባሎ፣ ሳይናጥ፣ ከዚያ ይነሳ። ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ደግሞ ፎቶ ላይ ደህና ሊመስል ይችላል። በረዶ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ነው እንጂ ማየት አይበቃም።

አነሳሱ ላይ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ካርቶኑ ብቻ ሳይሆን ብልቃጡ ይነሳ፤ ካርቶን ውስጥ ሌላ ብልቃጥ ሊገባ ይችላል። ጽሑፉ ዙሪያውን ስለሚዞር ብልቃጡን እያዞሩ ሦስት ፎቶ ማንሳት ይሻላል፤ ማብቂያ ቀኑም በአንዱ ላይ ይገኛል። ቴሌግራም ፎቶውን አሳንሶ ስለሚልክ ትንንሹ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ልጁ ፎቶውን እንደ ፋይል አድርጎ ይላክ። በፊት ካሜራ ከተነሳ ደግሞ ጽሑፉ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ጥርጥር ካለ ልጁ ከመክፈሉ በፊት እዚያው ያለውን ፋርማሲስት ጮክ ብሎ ያንብብልኝ ይበለው፤ እናንተም ስልኩ ላይ ሆናችሁ ከማዘዣ ወረቀታችሁ ጋር አስተያዩት። ብልቃጡ ቤት ከገባ በኋላ ከተጠራጠራችሁ ደግሞ መርፌውን ዝም ብላችሁ አትዝለሉት፣ ያልለያችሁትንም አትውጉ። በዚያው ቀን ብልቃጡን ከነመርፌው ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ኑ።

አሁን እዚያ መስኮቱ ሥር ባዶ ብልቃጦችና ነጭ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስልካችሁን አውጡ፤ እትዬ፣ ከእርስዎ እንጀምር።