ቀን አትስጡ፣ ደረጃውን ንገሩ፦ ለክለብ የሚዲያ ሰዎች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙ ላይ «የሚዲያና የህክምና ክፍል ቅንጅት» የሚል ሰፊ ርዕስ ነው የተሰጠኝ፣ እኔ ግን የቡድን ፊዚዮ ነኝ፣ ስለ ቅንጅት ሌክቸር መስጠት አልችልበትም። የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ላወራ ነው፣ ተጫዋች ሲጎዳ ማታውኑ ለደጋፊው ስለምትለጥፏት ያቺ አጭር መግለጫ። አብዛኞቻችሁን አውቃችኋለሁ፣ ጨዋታ እንዳለቀ የህክምና ክፍሉ በር ላይ ስልክ ይዛችሁ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ስንት ሳምንት ልበል?» የምትሉት እናንተው ናችሁ። ጫናው ይገባኛል፣ ደጋፊው እየጠየቀ ነው፣ አለቃ እየደወለ ነው። ግን ያቺ ጥያቄ ምን እንደምታመጣ ዛሬ በዝርዝር ልንገራችሁ።

አንድ የክንፍ ተጫዋች ነበረን፣ ስሙን አልጠራም። በጣም ፈጣን ልጅ ነው፣ ኳስ ይዞ በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ድንገት ቆመና የታፋውን ኋላ ያዘ፣ ስታዲየሙ በሙሉ አየው። ሀምስትሪንግ መሆኑን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። መልበሻ ክፍል አስገብተን አየነው፣ ግን ያየነው ምንድነው? እግሩን ዘርግቶ ምን ያህል ማንሳት እንደሚችል፣ ስንጫነው የት ቦታ እንደሚያመው፣ ጉልበቱን ሲያጥፍ ስንቃወመው አቅም እንዳለው፣ በቃ። ኤምአርአይ ገና አልተነሳም። ያኔ አንድ ሰው ኮሪደር ላይ ዶክተሩን አስቁሞ ጠየቀው፣ ዶክተሩም እየሄደ «ቀላል ከሆነ ሦስት ሳምንት አካባቢ ነው፣ ግን ምርመራውን እንየው» አለ። ከኮሪደሩ ስልኩ ላይ እስኪደርስ ግን «ቀላል ከሆነ» የምትለዋ ወደቀች፣ «ምርመራውን እንየው» የምትለዋም ወደቀች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የክለቡ ገጽ ላይ የወጣው «በሀምስትሪንግ ጉዳት ለሦስት ሳምንት ከሜዳ ይርቃል» የሚል ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ምርመራው ሲመጣ ጉዳቱ ጡንቻው ላይ ብቻ አልቆመም፣ በጡንቻው ውስጥ ወደሚያልፈው ጅማት ገብቷል። እንዲህ ያለው ጉዳት ጊዜ ይፈልጋል፣ ጅማት እንደ ጡንቻ ቶሎ አይድንም። አሁን ገጹ ላይ ያለው ቀን ትክክል አይደለም፣ ግን ማን ያርመው? ሁሉም ዝም አለ፣ «ምናልባት ይደርስ ይሆናል» ተባለ። ሦስተኛው ሳምንት ሲሞላ ልጁ ቀጥታ መስመር ላይ በመካከለኛ ፍጥነት እየሮጠ ነበር፣ ለዛ ጉዳት ጥሩ ደረጃ ላይ ነው። ደጋፊው ግን ሦስት ሳምንት ቆጥሯል፣ በአሰላለፉ ላይ ስሙን ሲያጣ ኮሜንቱ ጀመረ፣ ደሞዙን በነጻ እየበላ ነው፣ ሌላ ክለብ ሊሄድ ፈልጎ ነው፣ ፈርቷል፣ ምናምን። ልጁ ሁሉንም አነበበ። ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ሲመጣ «ደህና ነኝ፣ አይሰማኝም» ማለት ጀመረ።

እዚህ ጋ ስለ ሀምስትሪንግ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፣ ህመሙ የሚጠፋው ጡንቻው ከመዳኑ በፊት ነው። ሲራመድ አያምም፣ ሶምሶማ ሲሮጥ አያምም፣ ስለዚህ ሰውየው ውሸቱን አይደለም «አይሰማኝም» ሲል። የሚፈተነው በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ነው፣ እሱም አንዴ ሳይሆን ደክሞት ደጋግሞ፣ ከዛ የተጎዳው እግር ጉልበት ከጤነኛው ጋር ሲወዳደር፣ ከዛ ደግሞ ከቡድኑ ጋር ሙሉ ልምምድ ሰርቶ በማግስቱ እንዴት እንደሚያድር ታይቶ። ልጁ እነዚህን ሁሉ ሳይጨርስ ተመለሰ፣ በሁለተኛ ጨዋታው እዛው ቦታ ላይ እንደገና ተቀደደ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ሀምስትሪንግ ለመደገም ከሚታወቁት ጉዳቶች አንዱ ነው፣ አደገኛው ጊዜም ከተመለሱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ናቸው። ፖስቱ ጡንቻ ቀደደ እያልኩ አይደለም። ግን ዝግጁ ያልሆነን ሰው ወደ ሜዳ ከገፉት እጆች አንዱ ያ ማንም ሀኪም ያልፈረመበት ቁጥር ነበር፣ ይሄን ስል ያናድደኛል አሁንም።

የባሰው ደግሞ ገና ነው። ሁለተኛው ጉዳት ሲደርስ ክለቡ ራሱን ለመከላከል ረጅም መግለጫ አወጣ፣ እዛ ውስጥ ልጁ ከዓመታት በፊት በሌላ ክለብ እያለ በዛው እግሩ የተደረገለት ህክምና ተጻፈ። ደጋፊው አያውቀውም ነበር፣ ሊገዙት የሚያስቡ ክለቦችም አያውቁትም ነበር። እሱንስ የጠየቀው ማን ነው? ማንም! እሱም እንደናንተ ስልኩን ከፍቶ ነው ያነበበው።

ስሙኝ፣ ኮንትራቱ የክለቡ ነው፣ ማሊያው የክለቡ ነው፣ የህክምና ታሪኩ ግን የሱ ነው። ደጋፊው ይወደዋል፣ ይጨነቅለታል፣ ቅዳሜ ይሰለፋል ወይ ብሎ ማወቅ መብቱ ነው፣ የኤምአርአይ ውጤቱን ማየት ግን መብቱ አይደለም። ይሄ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም፣ የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ህግ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚገባው መረጃ ይመድበዋል። አሜሪካ ውስጥ በ2015 የአንድ ታዋቂ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ ተጫዋች የሆስፒታል መዝገብ ፎቶ በጋዜጠኛ ትዊተር ላይ ወጥቶ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እዛ ያወጣው ጋዜጠኛ ነው፣ እዚህ ግን የራሱ ክለብ!

እሺ፣ እንዴት ይጻፍ ታዲያ። የዛን ልጅ ጉዳይ ይዘን ከመጀመሪያው እንሂድበት። የጨዋታው ዕለት ማታ መውጣት የነበረበት ይሄ ነው፦

«የክንፍ ተጫዋቻችን በዛሬው ጨዋታ እግሩ ላይ ህመም ተሰምቶት ተቀይሮ ወጥቷል። በሚቀጥሉት ቀናት ምርመራ ይደረግለታል። ከምርመራው በፊት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚርቅ አናውቅም። እሱ በሚፈቅደው መጠን ሐሙስ ማታ አዲስ መረጃ እንሰጣችኋለን።»

በዚህ ውስጥ ስታዲየም የነበረ ሰው ያላየው ነገር የለም፣ ስለዚህ ምንም ሚስጥር አልወጣም። «አናውቅም» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፣ ይሄን ቃል አትፍሩት፣ በዛች ሰዓት ዶክተሩም የሚያውቀው ነገር የለም። ዋናው ግን ሐሙስ ነው። የጡንቻው መዳኛ ቀን በእጃችሁ አይደለም፣ የሚቀጥለው መረጃ የሚወጣበት ቀን ግን በእጃችሁ ነው፣ ስለዚህ ቃል የምትገቡት በሱ ነው። ሐሙስ ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳን «ገና ነው፣ ማክሰኞ እንመለሳለን» ብላችሁ ትወጣላችሁ። ደጋፊውን የሚያሳብደው ዝምታው ነው፣ ዝም ስትሉ ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል።

ሁለተኛው ከምርመራው በኋላ፣ ልጁ ከተስማማ፦

«ምርመራው የታፋ ጡንቻ ጉዳት እንዳለበት አሳይቷል። በሚቀጥሉት ሁለት ጨዋታዎች አይሰለፍም። የመመለሻ ቀን አንሰጥም፣ ምክንያቱም የሚመለሰው በሙሉ ፍጥነት ያለ ህመም ሲሮጥና ከቡድኑ ጋር ሙሉ ልምምድ ሲጨርስ ነው። አሁን ለብቻው ልምምድ ላይ ነው። ከቡድኑ ጋር መለማመድ ሲጀምር እናሳውቃለን። ይህ መረጃ የወጣው በተጫዋቹ ፈቃድ ነው።»

አያችሁ፣ ጅማት የሚል የለም፣ የድሮ ህክምና የለም፣ ግን ደጋፊው የሚከተለው ነገር አገኘ። ለብቻው ልምምድ፣ ከዛ ከቡድኑ ጋር በከፊል፣ ከዛ ሙሉ ልምምድ፣ ከዛ ምርጫ ውስጥ መግባት። ሦስት ሳምንት ብላችሁ በአምስተኛው ብትመጡ ዋሽታችኋል፣ ደረጃውን ብትናገሩ ግን አንዱ ደረጃ ቢረዝም ማንም አልዋሸም። ቁጥር የግድ ከሆነ ደግሞ «ከዚህ በፊት አይመለስም» የሚባለውን ዝቅተኛ ጊዜ ስጡ። ለምሳሌ የፊት መስቀለኛ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ከ9 ወር በፊት ከተመለሰ እንደገና የመጎዳት አደጋው ከፍ እንደሚል ይታወቃል፣ ስለዚህ «ከ9 ወር በፊት አንጠብቀውም» ማለት ትችላላችሁ። «በ9 ወር ይመለሳል» ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ማንም አያውቅም።

ፈቃዱን የምትጠይቁበት ሁኔታ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። መልበሻ ክፍል ውስጥ በረዶ ታስሮለት፣ የህመም ማስታገሻ ወስዶ፣ አሰልጣኙ አጠገቡ ቆሞ «እንለጥፈው አይደል?» ብትሉት እሺ ይላል፣ ያ ግን ፈቃድ አይባልም። በማግስቱ ለብቻው ጽሁፉን ራሱን አሳዩት፣ ሀሳቡን ብቻ አትንገሩት፣ ቃል በቃል ያንብበው። ከዛ ለየብቻ ጠይቁት፣ የተጎዳው ቦታ ይነገር? የጉዳቱ አይነት ይነገር? ህክምናው ይነገር? አንዱን ፈቅዶ ሌላውን ሊከለክል ይችላል። ምንም አይነገር ካለ ደግሞ «ለቅዳሜው ጨዋታ አይደርስም፣ ዝርዝሩ የግሉ እንዲሆን ጠይቆናል» በቂ ነው። የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ክለቦች «የላይኛው የሰውነት ክፍል ጉዳት»፣ «የታችኛው የሰውነት ክፍል ጉዳት» ብቻ ብለው ማለፍ የተለመደ ነው፣ ሊጉም ስታዲየሙም ቀጥሏል። ብቻ አትዋሹ። ጉልበቱ የተጎዳን ሰው «ትንሽ አሞት ነው» አትበሉ፣ ነገ ክራንች ይዞ ሲታይ ከዛ በኋላ የምትጽፉትን ማንም አያምንም።

ከባዱ ሲመጣስ? ጃንዋሪ 2023 ላይ የቡፋሎ ቢልስ ተጫዋች ዳማር ሃምሊን በቀጥታ ስርጭት ሜዳ ላይ ሲወድቅ ክለቡ ያወጣው መግለጫ አጭር ነበር። ልቡ መቆሙን፣ ሜዳ ላይ የልብ ምቱ መመለሱን፣ ሆስፒታል መወሰዱን፣ በአስጊ ሁኔታ ላይ መሆኑን ተናገረ። በሚሊዮኖች ፊት የሆነውን መደበቅ አይቻልም ነበር፣ ግን ስለ ነገው አንድም ግምት የለበትም። በዛች ሌሊት ያን ማድረግ ከቻሉ እኛ በታፋ ጡንቻ አያቅተንም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። የምትለጥፉት ጽሁፍ አሰልጣኙም እጅ ይግባ፣ እናንተ ቀን ሳትሰጡ እሱ ፕሬስ ኮንፈረንስ ላይ «አስር ቀን» ካለ ልፋታችሁ ገደል ገባ። የህክምና ክፍል ፎቶ ስትለጥፉ ከጀርባ ያለውን ስክሪንና ሰሌዳ እዩ። የጉዳት መረጃ ደግሞ ለውርርድ ገንዘብ ነው፣ ከመግለጫው በፊት ለጓደኛ የምትላክ ቮይስም መረጃ ማውጣት ናት።

ልጁ ሲመለስም «መቶ ፐርሰንት ድኗል» አትበሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደገኛ ናቸው ብያለሁ። «ሙሉ ልምምድ ጨርሷል፣ ለቅዳሜው ምርጫ ውስጥ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች የሚጫወትበት ደቂቃ ይገደባል» በሉ። በ60ኛው ደቂቃ ሲቀየር ደጋፊው ለምን እንደሆነ ያውቃል፣ ልጁም ሳይፈራ ይወጣል። የሁለቱን መግለጫ ናሙና አትሜ በር ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬላችኋለሁ፣ ውሰዱት፣ ለዶክተሮቻችሁም አሳዩአቸው። አመሰግናለሁ።