ኢቢትዳ የማያየው ወጪ

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ ኢቢትዳ። ወለድ፣ ግብር፣ የእርጅና ቅናሽና አሞርታይዜሽን ሳይቀነሱ ያለው ትርፍ ማለት ነው። የእርጅና ቅናሽ መኪናና ማሽን በየዓመቱ ሲያረጁ የሚመዘገብ ወጪ ነው። አሞርታይዜሽንም ያው ነው፤ እንደ ፈቃድ ላሉ የማይዳሰሱ ንብረቶች ሲሆን።

እኔ ይህን ቁጥር በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን አላምነውም። ለምን እንደሆነ በአንድ የጭነት ድርጅት ላሳያችሁ።

ድርጅቱ መኪኖቹን በ100 ሚሊዮን ገዛ እንበል። 5 ዓመት ያገለግላሉ ብሎ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ይቀንሳል። ሌላ ድርጅት ደግሞ ያንኑ መኪና በዚያው ዋጋ ገዝቶ 8 ዓመት ያገለግላል ይላል፤ 12.5 ሚሊዮን ብቻ ይቀንሳል። ሥራቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የሁለተኛው ትርፍ በ7.5 ሚሊዮን በልጦ ይታያል። አንዱ በብድር፣ ሌላው በባለቤቶቹ ገንዘብ ገዝቶ ከሆነ ደግሞ ወለዱም ይለያያል። ኢቢትዳ ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ሥራው ራሱ ምን እንደሚያስገኝ ያሳያል። ድርጅቱን ሊገዛ የመጣ ሰውም የድሮውን ዕዳ በራሱ ስለሚተካ የድሮው ወለድ ብዙም አያሳስበውም። አበዳሪም ወለዱ የሚከፈለው ከዚሁ ስለሆነ፣ ዕዳው የኢቢትዳ ሦስት እጥፍ ነው ወይስ አምስት እጥፍ እያለ ይመዝናል።

እስከዚህ ጥሩ ነው። ችግሩ መኪኖቹ የምር ያረጃሉ።

የመጀመሪያው ድርጅት ኢቢትዳ 30 ሚሊዮን ነው እንበል። መኪኖቹ በ5 ዓመት የሚያልቁ ከሆነ፣ ሥራውን ባለበት ለማቆየት ብቻ በአማካይ በዓመት 20 ሚሊዮን ለአዲስ መኪና ያስፈልገዋል። ቀረ 10። ወለድ 6 ሚሊዮን ከፈለ፤ ቀረ 4። 30 በመቶ ግብር ሲወጣበት ለባለቤቶቹ የሚተርፈው 2.8 ሚሊዮን ነው። ከ30 ተነስተን እዚህ ደረስን! «የእርጅና ቅናሽ እኮ ከኪስ አይወጣም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ዘንድሮ አይወጣም። መኪናው የተገዛ ዕለት ግን ወጥቷል፤ ሲተካም እንደገና ይወጣል። በዱቤ የተሸጠም ነገር እንዲሁ ነው፦ ሽያጩ ከተመዘገበ፣ ደንበኛው ባይከፍልም እንኳ ኢቢትዳ ውስጥ ገብቷል።

ነገሩ እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል የታየው በዎርልድኮም ነው። ትልቅ የአሜሪካ ቴሌኮም ኩባንያ ነበር። የደንበኞቹ ጥሪ በሌሎች ኩባንያዎች መስመር ስለሚያልፍ ለእነሱ ይከፍላል። ይህ ተራ ወጪ ነው፤ የዚህ ወር ክፍያ ከዚህ ወር ጋር ያልቃል። ኩባንያው ግን ከክፍያው ላይ ከፊሉን ንብረት እንደገዛበት አድርጎ መዘገበው። ነገሩን ያገኙት የራሱ የውስጥ ኦዲተሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁን 2002 ኩባንያው ሲያምን፣ በ2001 እና በ2002 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት የተዛወረው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በቀጣዩ ወር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ወጪ ንብረት ሲባል ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ በእርጅና ቅናሽ ስም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቀነሳል። ስለዚህ የተጣራው ትርፍ ላይ ዘግይቶም ቢሆን ይታያል። ኢቢትዳ ግን የእርጅና ቅናሽን ስለሚዘል፣ ያ ወጪ እዚያ ላይ ጨርሶ አይታይም።

ምንም ማጭበርበር በሌለበትም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደንብ መሠረት አብዛኛው የረጅም ጊዜ ኪራይ ወደ እርጅና ቅናሽና ወለድ ተቀይሯል። ሱቅና ሕንፃ በብዛት የሚከራዩ ኩባንያዎች አንድም ዕቃ ተጨማሪ ሳይሸጡ ኢቢትዳቸው አደገ። የ2018ን ከ2019 ጋር ዝም ብሎ ያወዳደረ ሰው እድገት ያየ ይመስለዋል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። የገንዘብ ፍሰት መግለጫውን እከፍትና ከሥራ ከተገኘው ጥሬ ገንዘብ ላይ ለንብረት መግዣ የወጣውን እቀንሳለሁ። የዎርልድኮም ዘዴ እዚህ ጋ አይሠራም፤ ወጪውን ንብረት ብትሉት ከሥራ የተገኘው ገንዘብ ይጨምራል፣ ለንብረት የወጣውም በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ልዩነቱ ንቅንቅ አይልም። ኢቢትዳ ለሁለትና ሦስት ዓመት እያደገ ይህ ልዩነት ባለበት ከቆመ፣ የሒሳብ ማብራሪያዎቹን አንድ በአንድ አነባለሁ።

ይህም ቁጥር የራሱ ጣጣ አለው። የጭነት ድርጅታችን 100 ሚሊዮኑን በአንድ ዓመት አውጥቶ መኪኖቹን በሙሉ ቢተካ፣ ያ ዓመት ከባድ ኪሳራ ይመስላል፤ ቀጣዮቹ አራት ዓመታት ደግሞ ከእውነቱ በላይ ያማሩ ይሆናሉ። እንዲህ ባለ ዓመት ሥራው ራሱ ደህና መሆኑን ማየት ስፈልግ ተመልሼ ኢቢትዳን እከፍታለሁ።