34 ብር

ሰላም ለእናንተ። በዚህ ክፍል ስለ ችግኝ መደብ እንደማወራ ቃል ገብቼ ነበር፤ ይቆየን። ዛሬ ልቤ ያለው 34 ብር ላይ ነው። ቲማቲም የማቀርብላቸው ባለ ሰማያዊ በሩ ሱቅ ጋሼ ትናንት ደውለው «ልጄ፣ ለሐሙስ እንደ ወትሮው አሥር ሳጥን አምጪልኝ» አሉኝ። እሺም እምቢም ሳልል ስልኩ ተዘጋ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። ምን እንዳለ ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ስትሰሙ ትገምቱታላችሁ።

አሁን ክረምት ነው። የጅምላው ቲማቲም ኪሎው 60 ብር ገብቷል። እኔና ጋሼ የተስማማንበት 34 ነው።

መጀመሪያ 34 ከየት እንደመጣ ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ በግምት የተጠራ ዋጋ ይመስላችኋል። በተስማማንበት ሳምንት የጅምላው ዋጋ 30 ብር ነበር። ከዚህ 30 ብር ወደ እኔ እጅ የሚመጣው 21 ነው። ከመቂ አዲስ አበባ የመኪናው 3 ብር፣ የደላላው 2፣ የጫኝና አውራጁ 1፣ በመንገድ የሚጨመቀውና የሚበሰብሰው ደግሞ 3 ብር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የእኔ መነሻ 30 ሳይሆን 21 ነው። ገበሬ «ገበያው 30 ነው» ሲል የሌላ ሰው ዋጋ እየጠራ ነው።

ለጋሼ ሱቅ ድረስ ሳመጣ ደግሞ ሌላ ወጪ አለ። ጭነቱ ትንሽ ስለሆነ መኪናው ይወደዳል፣ ለለቀሙት ልጆች የመለያ ይከፈላል፣ ሳጥኑም የእኔ ነው። ይህ ሁሉ በኪሎ 8 ብር ይሆናል። 21 እና 8፣ 29። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና በ30 ከሸጠ ያተረፈ ይመስለዋል።

ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ጋሼ የሚወስዱት ምርጡን ነው፤ ጠንካራ፣ ቀላ ማለት የጀመረ፣ መጠኑ እኩል የሆነ። ምርጡ ሲወጣ የቀረው ጭነት መልኩ ይጠፋል። ድሮ ምርጡ ከላይ ተደርድሮ ጠቅላላው በ30 ይሸጥ ነበር፤ አሁን ቀሪው በ24 ነው የሚሄደው። ከአሥር ኪሎ ስድስቱን ለሱቅ፣ አራቱን ለጅምላ ካደረግሁ፣ በአራቱ ላይ ያጣሁት 24 ብር በስድስቱ ላይ መመለስ አለበት። ይህም በኪሎ 4 ብር ነው። ስለዚህ የእኔ ወለል 33 ይሆናል። ይህን 4 ብር ከወንድሜ ደብተር ላይ ነው ያገኘነው፤ እሱ የጅምላውን በቀን በቀን ባይጽፍ ኖሮ «ለሱቅ መሸጥ ጀምረን ገንዘቡ ለምን አልጨመረም» እያልን እንቆይ ነበር።

በጋሼ በኩልስ? እሳቸው ከጅምላው በ30 ገዝተው በ2 ብር ቢያስጭኑ 32 ነው። ግን ከመቶ ኪሎ አሥራ አምስቱን ይጥሉታል፤ ስለዚህ የሚሸጠው ኪሎ ወደ 38 ብር ይቆምባቸዋል። የእኔ የተለየ ስለሆነ የሚጥሉት አምስት ኪሎ ብቻ ነው። እስከ 36 ብር ገደማ ቢከፍሉኝ አይከስሩም። እኔ ከ33 በታች አልወርድም፣ እሳቸው ከ36 በላይ አይወጡም። መሃል ላይ ያለችው 3 ብር ናት። ደላላውን አልፈን በቀጥታ ስንገናኝ ትልቅ ትርፍ የምንከፋፈል ይመስለናል፤ የምንከፋፈለው ይህችን ነው። 34 አልን፣ ተጨባበጥን። ወረቀት የለም።

ከዚያ በጋው መጣ። ከዝዋይ ጀምሮ እስከ መቂ በመስኖ የተተከለው ሁሉ አንድ ላይ ደረሰ፤ ቲማቲም ደግሞ እንደ ሽንኩርት አሳድሮ አይጠበቅም። የጅምላው ዋጋ ወርዶ ወርዶ 20 ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ነው ያንን ጠዋት ደጋግሜ የማየው። ሳጥኖቹን አውርደን ጨርሰናል። ጋሼ ሚዛኑን እያዩ ይጽፋሉ፣ እኔ ባዶ ሳጥን እሰበስባለሁ። ቀና ስል ከበሩ ጎን የተሰቀለችውን ካርቶን አየኋት። «ቲማቲም 32» ይላል፤ በእሳቸው እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ከእኔ የገዙት 34 ነው። አንድ ጊዜ ካርቶኑን አየሁ፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን። እሳቸውም ማየቴን አዩ። «ከጎኔ ያለው በ30 እየሸጠ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ቀንሺልኝ አላሉም። ብሩን ቆጥረው 34 በ34 ሰጡኝ። እኔም ተቀበልኩ፤ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

አንዳንድ ጊዜ ያ ዝምታ ልመና ነበር እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኩራት ነበር። ቃል ሰጥቻለሁ፣ እከፍላለሁ፣ አንቺም አየሽ፤ እንደዚያ የሚል። ወንድሜ ግን ንግድ ነው ይላል። «ክረምትን እየገዙ ነው» ይላል። በኪሎ ቢያንስ 2 ብር እየከሰሩ በክረምት ቲማቲም የሚያመጣላቸውን ሰው ያስራሉ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እና ቢሆንስ? ገንዘብ ከፍለው የገዙት ነገር ከሆነ የእሳቸው ነው ማለት አይደለም?

በነገራችን ላይ «ገበያው ስንት ነው» የሚለው ጥያቄ ራሱ ቀላል አይደለም። በዋጋ ለመስማማት የሚፈልግ ሁሉ «የገበያውን እያየን እናስተካክላለን» ይለኛል። የትኛውን ገበያ? በየትኛው ሰዓት? ከሌሊቱ 10 ሰዓት የገባ መኪና የሸጠበትና ከጠዋቱ 3 ሰዓት የቀረው የሚሸጥበት አንድ አይደለም። ሳጥኑም አይመዘንም፤ አንዱ ሳጥን ተከምሮ፣ ሌላው እስከ አፉ ብቻ ነው። ድሮ አትክልት ተራ ፒያሳ እያለ አባቴ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ነበር ዋጋ የሚጠይቀው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ጃንሜዳ ሲገባ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ፣ ያ ሰው ከእኛ ጠፋ። ለብዙ ጊዜ ዋጋ የምንሰማው ሊገዛን ከመጣው ደላላ አፍ ነበር። ገዢ ዋጋ ነግሮህ ከዚያው ዋጋ ላይ ስትከራከር ምን ዓይነት ክርክር ነው? ያኔ ያየሁት ንዴት አሁንም አልወጣልኝም። አሁን ለሦስት ሰው በአንድ ሰዓት እደውላለሁ፣ በኪሎ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ፣ መካከለኛውን እይዛለሁ። ከጋሼ ጋር ግን ገበያውን አላያያዝነውም። ቁርጥ ዋጋ ነው።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። በ60 ብር የጅምላ ዋጋ፣ ወጪውና ብልሽቱ ተቀንሶ፣ እጄ የሚገባው 48 ነው። ለጋሼ በ34 ስሰጥ የማመላለሻና የመለያ 8 ብር ወጥቶ 26 ይቀረኛል፤ በክረምት ቀሪውም ቢሆን ያለ ቅናሽ ስለሚሸጥ ያችን 4 ብር አልቆጥራትም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኪሎ 22 ብር አጣለሁ። ትናንት ማሳው ዳር የቆመው መኪና በእጅ ብር ይዞ ነው የመጣው። የክረምቱ ወጪም የበጋው አይደለም፤ ዝናቡ ቅጠሉን እያረጠበው በሽታው ስለማይለቅ ርጭቱ ይደጋገማል፣ ተክሉ በእንጨት ይደገፋል፣ ያም ሆኖ ከአንድ ጥማድ የሚለቀመው ትንሽ ነው።

በበጋው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከጅምላው የሚገባኝ 12 ብር ነበር፤ ከጋሼ ሁሉ ነገር ተቀንሶ 22። በኪሎ 10 ብር ተጠቅሜያለሁ።

ሌሊቱን ሁሉ የቆጠርኩት ይህንን ነው። ለሱቁ በበጋ አራት ኪሎ፣ በክረምት አንድ ኪሎ የምሰጥ ከሆነ በበጋ 40 አገኘሁ፣ በክረምት 22 አጣሁ፤ አሁንም እኔ አተረፍኩ። በእሳቸው በኩል ብታዩትም በበጋ በኪሎ 9 ብር ያህል ከልክ በላይ ከፍለውኛል፣ በክረምት 35 ብር ያህል ይቀርላቸዋል። አራት ጊዜ 9 እና አንድ ጊዜ 35፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ቁርጥ ዋጋው ለሁለታችንም ይሠራል። በክረምትም በበጋም እኩል መጠን ከሆነ ግን ያው 40 ከ88 ጋር ይጋጠማል፤ ማሳዬን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የዓመቱን አማካይ ዋጋ እንዲሁ በየወሩ አስልቶ መስማማት ያታልላል። ውድ በሆነው ወር እጅሽ ላይ ያለው ምርት ትንሽ ነው። ዋጋው ከኪሎው ጋር አብሮ ካልተነገረ 34 የሚባለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

እኛ ደግሞ የተነጋገርነው ስለ ዋጋ ነው። ስለ መጠን ማንም አላነሳም። እንዲህ ያለ ስምምነት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ «እንደ ወትሮው» ይባላል። «እንደ ወትሮው» ማለት በጋሼ አሥር ሳጥን ነው። በእኔ ማሳ ላይ በክረምት አሥር ሳጥን ማለት ከሚለቀመው ግማሽ በላይ ነው።

ሦስት ሳጥን በ34 እሰጣለሁ፣ የቀረውን በገበያው ዋጋ ልበላቸው? ከሒሳቡ ጋር የሚሄደው እሱ ነው። ሦስት ሳጥን የበጋውን የካርቶን ውለታ ይመልሳል። ግን ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በሌሊት፣ መኪናው ከመጣ በኋላ። እሳቸው በጋ ላይ በ34 ሲከፍሉኝ «አራት ሳጥን በ34፣ የቀረውን በ20» አላሉኝም። ይህንን ለወንድሜ ስነግረው «ማለት ይችሉ ነበር፣ አላሉም» አለኝ። አላሉም። አዎ፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ባይሉም እንኳ…

ወይም ደግሞ ጣሪያና ወለል እናድርግለት። ገበያው ከ25 በታች ሲወርድ ልዩነቱን እንካፈል፣ ከ45 በላይ ሲወጣ ልዩነቱን እንካፈል፣ በመሃል 34 ይቆይ። ከሚቀጥለው ተከላ ጀምሮ ይህንን አነሳለሁ። ለሐሙሱ ግን አይሆንም፤ ዋጋው 60 ላይ ቆሞ ጣሪያ እናድርግ ማለት የወለሉን ዘመን አልፎ መምጣት ነው። እሳቸውም ይህንን ያውቁታል፤ በዚያ ሱቅ ውስጥ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው ያሉት።

ልጆቹ ነገ ሊለቅሙ ይገባሉ፣ ለየትኛው ሱቅ ምን ያህል ሳጥን እንደሚለዩ ማታ መናገር አለብኝ። አምስት ልበል? አምስት በ34 ሲሆን የማጣው… ቆይ፣ ደብተሩ ወንድሜ ጋር ነው። አምስቱን ከሰጠሁ ሌሎቹ ሁለት ሱቆችስ? እነሱ በ36 ነው የተስማሙት፣ በበጋ ግን ሁለት ጊዜ አስቀንሰውኛል፤ ለእነሱ እንግዲህ በገበያው ዋጋ ብል ምንም አይሰማኝም። ለጋሼ ግን… ሰባትም ሊሆን ይችላል። አላውቅም፣ መጀመሪያ ልደውልላቸው።